«እኛስ የት ልንገባ ነው?»

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ ለባንካችን ቅርንጫፍ ቴለሮች የደንበኞችን ጥያቄ በጽሑፍ ስለሚመልሰው አዲሱ ቻትቦት ንግግር አደረግሁ። ገና ሳልጨርስ አንዷ እጇን አወጣች፦ «እኛስ የት ልንገባ ነው?»

ስልኬን አውጥቼ «ቅዳሜ እስከ ስንት ሰዓት ትሠራላችሁ?» ብዬ ለቦቱ ጻፍኩለት። ወዲያው መለሰ። ቀጥዬ «ማሽኑ ብሬን በላው» አልኩት። የቅርንጫፍ አድራሻ ላከልኝ! ያልገባውን ወደ ሰው ማስተላለፍ ሲገባው ገምቶ መለሰ። ለገበያ የመጡ እናት እንዲህ ሲሏት ግን ቴለሯ ወዲያው ይገባታል። ደረሰኛቸውን አይታ፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግባ ቅሬታውን ታስሞላቸዋለች።

ስለዚህ ደንበኛ የሚናገረውን እንዳለ ጽፈው እንዲሰጡን ለመንኳቸው። ቦቱ የሚማረው ከዚያ ነው። ማንም አይቀነስም ብዬ ግን አልማልኩላቸውም፤ መዋሸት አልፈለግሁም። ተራ ጥያቄው ወደ ቦቱ ይሄዳል። ብር መቁጠሩ፣ ፊርማ ማመሳከሩ የእነሱው ነው።

ልጅቷ ወረቀት ሳበችና የመጀመሪያውን ጻፈች፦ «ካርዴን ዋጠብኝ»።