‹‹አዎ፣ በጣም!››

ትናንት ማታ ጎረቤታችን እማማ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ፈረንሳይ የተወለደችው የልጅ ልጃቸው አማርኛም ኦሮምኛም አታውቅም። ‹‹ናፍቀሽኛል በልልኝ ልጄ›› አሉኝ። ከጅማ ፈረንሳይኛ የሚያውቀው እኔ ነኝ መሰላቸው። (ስድስት ወር በስልክ የተማርኳትን ይዤ!)

‹‹ዠ ተ ማንክ›› ብዬ ላክሁ። ወዲያው ‹‹አዎ፣ በጣም!›› የሚል መልስ መጣ። እማማ ደስ አላቸው። እኔን ግን ‹‹አዎ›› ከነከነኝ። ናፍቀሽኛል ሲባል ማን አዎ ይላል?

ለካ የጻፍኩት ‹‹ናፍቄሻለሁ›› ነው። ልጅቷ ጥያቄ መስሏት መልሳለች።

ትክክሉ ‹‹ቱ ም ማንክ›› ነበር። ‹‹ቱ›› አንቺ፣ ‹‹ም›› እኔን። ግሱ መጉደል ነው፤ ወጥ ጨው ሲያንሰውም እሱኑ ይጠቀማሉ። ‹‹ጎደልሽብኝ›› እንደማለት።

የሚያናድደው አማርኛችንም እንደዚያው መሆኑ ነው። ‹‹ናፈቅሽኝ›› ውስጥ ባለቤቷ ‹‹ሽ›› ናት፤ እኔ መጨረሻ ላይ ‹‹ኝ›› ሆኜ ነው የቀረሁት። አድራጊዋ የራቀችው ናት። ከአማርኛ በቀጥታ ብሄድ ኖሮ አልሳሳትም ነበር። በ‹‹አይ ሚስ ዩ›› ዞሬ ሄድኩና ‹‹እኔ››ን ፊት አስገባሁ።

ስነግራቸው እማማ ሳቁ። ‹‹እኛ በኦሮምኛ ሲን ያዴ ነው የምንለው›› አሉ። አሰብኩሽ ማለት ነው። እዚያ ደግሞ መጉደል የለም፤ አሳቢው እኔው ነኝ።

አስተካክዬ ላክሁ። ልጅቷ ‹‹ቷ ኦሲ›› አለች። ‹‹አንቺም›› ማለቷ ነው ብዬ ተረጎምኩላቸው።

እማማ ስልኩን ተቀብለው ትንሽ አዩትና፣ ‹‹አንቱ አትልም እንዴ?›› አሉኝ።