ሁለቱን የሶዲየም መስመሮች ለመለየት ስንት ጭረት ይበቃል?

ሙከራውን የሠራሁት ለገጣፎ አካባቢ ባለ አንድ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ነው። ማረጋገጥ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፤ የሶዲየምን ሁለት ቢጫ መስመሮች፣ 589.0 እና 589.6 ናኖሜትር፣ ለመለየት ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ በሚበትነው ባለ ጥቃቅን ጭረት ሰሌዳ፣ በግሬቲንጉ ላይ፣ ስንት ጭረት መብራት አለበት? ግሬቲንጉ በሚሊሜትር 300 ጭረት፣ ስፔክትሮሜትሩ ደግሞ ብርሃኑን ትይዩ የሚያደርገው የኮሊሜተር ሌንሱ የትኩረት ርቀት 180 ሚሊሜትር የሆነ ተራ የተማሪ መሣሪያ ነው።

ስሌቱ አጭር ነው። የመለየት አቅም R = λ/Δλ = mN ሲሆን m ኦርደሩ፣ ማለትም ከመሃሉ ብርሃን ወደ ጎን ስንቆጥር ስንተኛው ስፔክትረም እንደሆነ፣ N ደግሞ ብርሃን ያረፈባቸው ጭረቶች ብዛት ነው። 589.3ን ለ0.6 ስናካፍል 982 ገደማ ይመጣል። ቀመሩን ሳይሸመድዱ ለመረዳት እንዲህ ማሰብ ይቻላል፦ በአንደኛ ኦርደር ከመጀመሪያው ጭረት እስከ መጨረሻው ያለው የመንገድ ልዩነት የረዥሙን ሞገድ 982 ጊዜ ሲይዝ፣ የአጭሩን 983 ጊዜ ይይዛል። በዚያች አንዲት ሞገድ ብልጫ ምክንያት የአንዱ ብሩህ ጫፍ የሌላው ጨለማ ላይ ያርፋል። በዚህ ግሬቲንግ 982 ጭረት 3.3 ሚሊሜትር ስፋት ብቻ ነው። በሁለተኛ ኦርደር 491 ጭረት፣ ማለትም 1.6 ሚሊሜትር ይበቃል።

ስለዚህ ግሬቲንጉ ላይ የተጻፈው «300» ብቻውን የመለየት አቅሙን አይነግርም። 1 ሚሊሜትር ብቻ የበራ ባለ 600 ጭረት ግሬቲንግ፣ 10 ሚሊሜትር ከበራ ባለ 300 ያንሳል።

ጭረቶቹን ለመቀነስ የተጠቀምኩት በቬርኒየር ካሊፐር ነው። ሁለቱን መንጋጋዎች ከግሬቲንጉ ፊት፣ ከጭረቶቹ ጋር ትይዩ አድርጌ አቆምኩ፤ ክፍተቱ የሚታወቅ መስኮት ሆነ። መንጋጋው ግሬቲንጉን እንዳይነካ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የፕላስቲክ ቅጂ የሆነ ግሬቲንግ አንዴ ከተጫረ አይመለስም፣ የመንገዱ አቧራ ቢያርፍበትም በጨርቅ አይጠረግም፤ በአየር ብቻ ይነፋል።

መጀመሪያ ካሊፐሩን ሙሉ ከፍቼ ባይም ያየሁት አንድ ወፍራም ቢጫ መስመር ነበር። ጥፋቱ የግሬቲንጉ አልነበረም፤ ብርሃኑ ወደ ኮሊሜተሩ የሚገባበት ጠባብ ስንጥቅ፣ የስሊቱ፣ ስፋት ነው። በአንደኛ ኦርደር ሁለቱ መስመሮች የሚራራቁት በ38 የቅስት ሰከንድ ብቻ ነው። ይህን ወደ ራዲያን ለውጠን በ180 ሚሊሜትር ስናባዛው ስሊቱ ከ0.033 ሚሊሜትር መጥበብ እንዳለበት ይወጣል፤ ከዚያ ከሰፋ የሁለቱ ምስሎች ይደራረባሉ። ምክንያቱን መለየት ቀላል ነው፦ ስሊቱን ስታጠቡት መስመሩ ለሁለት ከተከፈለ ጥፋቱ የስሊቱ ነበር፤ ስሊቱ ጠቦ ካሊፐሩን ስትከፍቱት ከተከፈለ የጭረት እጥረት ነበር። ስሊቱ ሲጠብ ብርሃኑ ስለሚደክም መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ጋረድኩ።

ስሊቱ ከተስተካከለ በኋላ ክፍተቱን በግማሽ ሚሊሜትር እየቀነስኩ ወረድኩ። በ6 ሚሊሜትር በመሃላቸው ጥርት ያለ ጥቁር ክር ነበር። በ4 ክሩ ግራጫ ሆነ፤ በ3 ጠፋ። ከስሌቱ 3.3 ትንሽ ቀድሞ መደብዘዙ የሚጠበቅ ነው፤ ስሊቱ ምንም ቢጠብ የራሱ ስፋት አለው። ቴሌስኮፑን ወደ ሁለተኛ ኦርደር ሳዞረው፣ ካሊፐሩ እዚያው 3 ላይ እያለ ክሩ ተመልሶ ታየ፤ የጠፋው 1.5 አጠገብ ነው። አሳማኙ ማስረጃ ይኼኛው ነው፤ ጭረቱ ሳይጨመር ኦርደሩ ብቻ ሥራውን እጥፍ አደረገው።

አንድ ስውር ወጥመድ አለ። ካሊፐሩ 10 ሚሊሜትር ቢከፈትም ብርሃኑ ያን ያህል ላይሰፋ ይችላል። መብራቱ ከስሊቱ ርቆ ወይም ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ከቆመ የኮሊሜተሩን ሌንስ ከፊሉን ብቻ ይሞላል። ከግሬቲንጉ ቦታ ላይ ነጭ ወረቀት አስቀምጡና የበራውን ስፋት ለኩ፤ N የሚሰላው ከእሱ እንጂ ከመስታወቱ ስፋት አይደለም።

መብራቱ ዝቅተኛ ግፊት ያለው የላቦራቶሪ ሶዲየም መሆን አለበት። ሲበራ ቀይ ሆኖ ይጀምርና ቢጫው እስኪረጋ ደቂቃዎች ይፈጃል። ከመንገድ ዳር የሚገኘው ከፍተኛ ግፊት ያለው አምፑል ለዚህ አይሆንም፤ መስመሮቹ ሰፍተው መሃላቸው ስለሚጠቁር የምታዩት ጥቁር ክር የግሬቲንጉ ሥራ ይመስላችኋል።

በተረፈ፣ መለየት እና መለካት አንድ አይደሉም። የዚህ መሣሪያ ቬርኒየር የሚያነበው እስከ 1 የቅስት ደቂቃ ነው፤ በአንደኛ ኦርደር ያለው 38 ሰከንድ ከዚያ በታች ነው። መስመሮቹን ሁለት ሆነው ታያላችሁ፣ ንባቡ ግን አንድ ሊሆን ይችላል። በሁለተኛ ኦርደርም ልዩነቱ 79 ሰከንድ ስለሆነ ከአንድ ክፍል እምብዛም አይበልጥም፤ ስለዚህ 0.6ን ከማዕዘን ንባብ ለማውጣት አልሞከርኩም።