ስምንት መቶ አርባ ድርሰት በሁለት ቀን፦ በጥቅል ወይስ በዝርዝር?

ሐዋሳ ውስጥ ለአንድ የነጻ ትምህርት ዕድል የሚወዳደሩ ተማሪዎችን የአማርኛ ድርሰት እርማት ሁለት ዓመት አስተባብሬያለሁ። በየዓመቱ 840 ያህል ወረቀት፣ አሥር አራሚ መምህራንና ሁለት የሥራ ቀን ነበረን። የመጀመሪያው ዓመት እርማት ዛሬም ይቆጨኛል።

ያን ጊዜ የመረጥነው ዝርዝር እርማትን ነበር። መነሻችን ሆሊ ጄኮብስና ባልደረቦቿ በ1981 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለሚማሩ ያዘጋጁት መመዘኛ ነው፦ ለይዘት 30፣ ለአደረጃጀት 20፣ ለቃላት 20፣ ለቋንቋ አጠቃቀም 25፣ ለሥርዓተ ጽሕፈት 5። ነጥቡ በአምስት ስለሚከፈል ፍትሐዊ ይሆናል ብዬ አምኜ ነበር። አንድ ወረቀት ግን ስድስት ደቂቃ ያህል ወሰደ። እያንዳንዱን ወረቀት ሁለት ሰው ያርመው ቢባል 168 ሰዓት ያስፈልጋል፤ አሥር ሰው በቀን ስድስት ሰዓት ቢሠራ በሁለት ቀን የሚገኘው 120 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ወረቀት አንድ ሰው ብቻ አረመው።

ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ 40 ወረቀቶችን ለሌሎች አራሚዎች ሰጠሁ። በ11ዱ ላይ ከ15 ነጥብ በላይ ልዩነት ወጣ። ማለፊያው 60 ስለነበር፣ ከእነዚህ መካከል የአንዳንዱን ተማሪ ዕጣ የወሰነው ድርሰቱ ሳይሆን ወረቀቱ የደረሰው አራሚ ነው። የነጥብ መስጫ ቅጾቹን ስመረምር ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ፤ አምስቱ ነጥቦች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ይዘቱ ግሩም፣ ሥርዓተ ነጥቡ ግን የተበላሸ ወረቀት እንኳ በሁሉም መካከለኛ አግኝቷል። አንድ አንጋፋ መምህር ስጠይቃቸው በቅንነት ነገሩኝ፦ «ልጄ፣ እኔ መጀመሪያ ጠቅላላውን በልቤ እቆርጣለሁ፤ ከዚያ ለአምስቱ አከፋፍለዋለሁ።» የተቀሩትም ብዙዎቹ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ለዝርዝር የከፈልነው ጊዜ የገዛልን አንድ ጥቅል ግምት ነው፤ እሱም የአንድ ሰው።

በሁለተኛው ዓመት በግልጽ ወደ ጥቅል እርማት ተሻገርን። አራሚው ድርሰቱን አንድ ጊዜ በሙሉ አንብቦ ከ1 እስከ 6 አንድ ደረጃ ይሰጣል። ሁለት ደቂቃ ገደማ ስለሚበቃ 840ውን ሁለት ጊዜ ማረም 56 ሰዓት ብቻ ፈጀ። ከተረፈው ጊዜ የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት በሙሉ ለሥልጠና አዋልነው። ሦስት ልምድ ያላቸው መምህራን ቀደም ብለው ለየደረጃው ሁለት ሁለት ናሙና ድርሰት መርጠው ነበር፤ አሥሩም አራሚዎች እነዚያኑ አንብበው፣ ነጥብ ሰጥተው፣ ተከራከሩ። ያለዚህ ሥልጠና ጥቅል እርማት የየሰው ስሜት ሆኖ ይቀራል። ነጥቡም በወረቀቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መጻፉ ቀርቶ በተለየ ቁራጭ ላይ ሆነ፤ ሁለተኛው አራሚ የመጀመሪያውን እንዳያይ። ልዩነቱ ሁለት ደረጃና ከዚያ በላይ ከሆነ ወረቀቱ ወደ ሦስተኛ አራሚ ይሄዳል። እንዲህ የሄዱት 71 ነበሩ።

ከእነሱ አንዱን አልረሳውም። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ጎህ ሲቀድ መረቡን ስለሚጎትት አባት የተጻፈ ነው። የዓሣው ሽታ፣ የአባትየው የተሰነጣጠቀ መዳፍ፣ ሁሉም ይታያል፤ አራት ነጥብ ግን ከገጹ ላይ በጭራሽ የለም። አንዱ 5 ሰጠ፣ ሌላው 3። የደረጃ 5 መግለጫችን «ትርጉም የማያፋልስ የሥርዓተ ነጥብ ግድፈት ሊኖር ይችላል» ስለሚል ሦስተኛዋ አራሚ 5 ሰጠች። ትክክል ነበረች።

ጥቅል እርማትም ሕመም አለው። ረጅም ወረቀትና የሚያምር የእጅ ጽሑፍ ዓይንን ያታልላሉ። የደካማ ድርሰቶች ክምር ተከታትሎ ሲነበብ ደግሞ መካከለኛው የላቀ ይመስላል። ይህን የያዝኩት ደረጃው አስቀድሞ የተወሰነ ግን አራሚዎቹ ያላዩት ወረቀት ከምሳ በኋላ በየክምሩ ውስጥ ቀላቅዬ ነው፤ 4 የነበረው ከሦስት ሰው 5 አገኘ። ሥራውን አስቁመን ናሙናዎቹን እንደገና አነበብን።

ከዚያ 120 ተማሪዎች አለፉ። የሚያስተምሯቸው መምህራን «ድክመታቸው የት ላይ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም፤ 4 የሚለው ቁጥር ስለዚህ ምንም አይናገርም። ወደ ዝርዝር እርማት የተመለስኩት ያኔ ነው፤ ለ120ዎቹ ብቻ፣ 12 ሰዓት ፈጀ። ነጥቦቹ አብረው እንዳይጓዙም አራሚው በመጀመሪያ የሁሉንም ወረቀት አደረጃጀት ብቻ፣ ከዚያ የሁሉንም ቃላት ብቻ እያለ እንዲያርም አደረግሁ። በጥቅል 4 ያገኙ ሁለት ልጆች እዚህ ተለያዩ፦ አንደኛዋ ቃሏ የበለጸገ፣ አንቀጿ ግን የተዘበራረቀ፤ ሌላው አንቀጹ የተሰደረ፣ ቃሉ ግን የደኸየ። ወደ ተለያየ የማጠናከሪያ ክፍል መደብናቸው።