ከላብ ደብተሬ፦ የካሎሪሜትሪ ሪፖርት ላይ ± ከየት ይመጣል?

የአሲድና ቤዝ ካሎሪሜትሪ ሙከራ ቀላል ነው። ሁለት የፎም ኩባያ አንዱን በሌላው ውስጥ ትከታላችሁ። 50 ሚሊ ሊትር 1.00 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ትጨምራላችሁ። በላዩ 50 ሚሊ ሊትር 1.00 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ትደፉበታላችሁ፤ ከዚያ ቴርሞሜትሩ ሲወጣ ማየት ነው። የሚከብደው ሪፖርቱ ነው። በተለይ «የስህተት ምንጮች» የሚለው ክፍል። ብዙዎቻችን እዚያ «የሰው ስህተት፣ የሙቀት ብክነት» ብለን እናልፋለን። ይህ ግን ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። የትኛው ስህተት ቁጥሩን በስንት እንዳዛባው፣ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች መናገር አለብን። ሰሞኑን ይህን ስሠራበት ስለነበር ሂሳቡን ከነቁጥሩ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ዳታው። የቴምፕሬቸር ጭማሪው በአምስት ሙከራ 6.1፣ 6.3፣ 6.2፣ 6.4 እና 6.0 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። አማካዩ 6.20 ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.16 ይወጣል።

ይህ 0.16 ከየት መጣ? ቴርሞሜትራችን የሚነበበው እስከ ±0.1 ዲግሪ ነው። ጭማሪውን ለማግኘት ሁለት ንባብ እንቀናነሳለን፣ መነሻውን ከመጨረሻው። ሲቀናነስም ሆነ ሲደመር ጥርጣሬዎቹ አይጠፋፉም። የእያንዳንዱ ስኩዌር ተደምሮ ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል። ስለዚህ ከንባብ ብቻ የምንጠብቀው √(0.1² + 0.1²)፣ ማለትም 0.14 ነው። ያገኘነው 0.16 ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል። ይህን ማወዳደር በጣም ወድጄዋለሁ። በሙከራዎቹ መካከል ያለው መበታተን በሙሉ ማለት ይቻላል ከቴርሞሜትር ንባብ የመጣ መሆኑን ያሳያል። መበታተኑ 0.5 ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እንፈልግ ነበር። ምናልባት አንዳንዴ በደንብ እያማሰልን፣ አንዳንዴ እየዘነጋን ይሆናል።

ራንደም ኤረር የምንለው ይኸው ነው። አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ይላል። ሙከራ ሲደጋገም አማካዩ ላይ ያለው ተጽዕኖ እየቀነሰ ይሄዳል። 0.16ን ለ√5 ስናካፍል 0.07 እናገኛለን። ስለዚህ ጭማሪው 6.20 ± 0.07 ነው፣ በመቶኛ 1.1 ገደማ።

አሁን ወደ ኤንታልፒው። የውሃን ስፔሲፊክ ሂት፣ 4.18ን፣ ወስደን 100 ግራም × 4.18 × 6.20 ሲባዛ 2592 ጁል ነው። ለ0.0500 ሞል ሲካፈል በአንድ ሞል 51.8 ኪሎጁል ይሆናል (ሙቀት ስለሚወጣ ምልክቱ ኔጌቲቭ ነው፤ እዚህ መጠኑን ብቻ ልጻፍ)። በማባዛትና በማካፈል ጊዜ የሚደመረው የመቶኛዎቹ ስኩዌር ነው። ቴምፕሬቸሩ 1.1 በመቶ አለው። በፒፔት የተለካው መጠን 0.1 በመቶ ገደማ ነውና እንተወው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው 1.00 ± 0.01 ሞላር ደግሞ 1.0 በመቶ ይጨምራል። √(1.1² + 1.0²) ወደ 1.5 በመቶ ይደርሳል። ውጤቱ 51.8 ± 0.8 ነው።

እዚህ ላይ የላብ ጓደኛዬ «ታዲያ ሙከራውን ሃያ ጊዜ ብንደግመው ይህ 0.8 አይጠብም?» አለችኝ። ጥያቄዋ የነገሩ እምብርት ላይ ነው ያረፈው። የቴምፕሬቸሩ ድርሻ ይጠባል። የጠርሙሱ ድርሻ ግን ንቅንቅ አይልም። ለአምስቱም ሙከራ የቀዳነው ከአንድ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ 1.00 ሳይሆን 0.99 ከሆነ፣ አምስቱም ሙከራ ላይ 0.99 ነው፤ ሃያ ጊዜ ብንደግመውም እንደዚያው። ስለዚህ ሁለቱን ስህተቶች የሚለየው የመሣሪያው ዓይነት አይደለም። መለየት ስፈልግ ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሙከራውን ስደግመው ይህ ነገር አዲስ ዋጋ ይይዛል ወይስ ያንኑ ይዞ ይቆያል?

ቴርሞሜትሩም ሁለቱም ባሕርይ አለው። ሁልጊዜ 0.5 ዲግሪ ከፍ አድርጎ የሚያነብ ቢሆን፣ ስንቀናንስ ያ 0.5 ይጠፋል። ጭማሪው አይነካም። ግን አሲዱን በአንድ ቴርሞሜትር፣ ቤዙን በሌላ ለክተን ከሆነ ስህተቱ አይጠፋፋም፣ በቀጥታ ጭማሪው ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው አንድ ቴርሞሜትር አጥቦና አድርቆ ለሁለቱም መጠቀም የሚሻለው።

የታወቀው ዋጋ በ25 ዲግሪ፣ በጣም ለቀጠነ ብጥብጥ 55.8 ኪሎጁል ነው። ከእኛ ጋር ያለው ልዩነት 4.0 ነው። የእኛ ጥርጣሬ 0.8 ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ የጥርጣሬያችን አምስት እጥፍ ነው። ይህ በአጋጣሚ አይመጣም። አምስቱ ሙከራዎች እርስ በርስ ተቀራርበው ሳለ በአንድነት ወደ ታች ከወረዱ፣ የሚገፋቸው ሲስተማቲክ ኤረር አለ ማለት ነው። «መቶኛ ስህተት 7.2 በመቶ» ብሎ ማቆም ይህን ይደብቀዋል። 7.2 በመቶ ብዙም ይሁን ትንሽ የሚታወቀው ከ1.5 በመቶው ጋር ሲተያይ ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኩባያው ራሱ ነው። ኩባያው፣ ክዳኑ፣ ማማሰያውና ቴርሞሜትሩ ሙቀት ይወስዳሉ። ሂሳባችን ግን ሙቀቱ ሁሉ ውሃው ውስጥ እንደቀረ ይቆጥራል። ይህን ለማወቅ ቀዝቃዛና ሙቅ ውሃ እንቀላቅላለን። 50.0 ግራም ውሃ በ22.0 ዲግሪ ኩባያው ውስጥ ነበር። 50.0 ግራም በ42.0 ዲግሪ ጨመርንበት። ምንም ባይባክን 32.0 ላይ ይቆም ነበር። የቆመው 31.6 ላይ ነው። ሙቁ ውሃ 10.4 ዲግሪ ወረደ፣ ቀዝቃዛው 9.6 ወጣ። የ0.8 ዲግሪው ልዩነት ኩባያው የወሰደው ነው። 50.0 × 4.18 × 0.8 ወደ 167 ጁል ይመጣል። ለ9.6 ሲካፈል ኩባያው በእያንዳንዱ ዲግሪ 17.4 ጁል ይወስዳል ማለት ነው።

የዚህ ቁጥር ጥርጣሬ ግን አስገራሚ ነው። ያ 0.8 የመጣው ከሦስት ንባብ ነው፤ የሙቁና የቀዝቃዛው ድምር ሲቀነስ የመጨረሻው ሁለት ጊዜ። የመጨረሻው ንባብ ሁለት ጊዜ ስለገባ ጥርጣሬውም በእጥፍ ይገባል፣ 0.2 ሆኖ። √(0.1² + 0.1² + 0.2²) 0.24 ነው። 0.8 ± 0.24 ማለት 30 በመቶ ነው። እያንዳንዱ ንባብ ጥሩ ነበር። ተቀራራቢ ቁጥሮች ሲቀናነሱ ግን የሚቀረው ትንሽ ቁጥር የሁሉንም ጥርጣሬ ይሸከማል። ስለዚህ የኩባያው ዋጋ 17 ± 5 ነው። ሙቁን ውሃ ከ42 ይልቅ 60 ዲግሪ አካባቢ ብናደርገው ልዩነቱ ሰፍቶ መቶኛው ይቀንስ ነበር። ግን ያኔ እየቀዳን ሳለ ወደ አየር የሚሄደው ሙቀት ይጨምራል።

የኩባያውን ዋጋ C_cal ብለን ስንጨምር ቀመሩ አሁን እንዲህ ነው፦

```
ΔH = -(m·c + C_cal)·ΔT / n
```

418 ላይ 17.4 ሲደመር 435.4 ነው። ውጤቱ ወደ 54.0 ከፍ ይላል። የኩባያው ±5 ከ435 አንጻር 1.2 በመቶ ብቻ ነው። 30 በመቶ የነበረው ጥርጣሬ እዚህ የተመናመነው ትልቅ ቁጥር ላይ ስለተደመረ ነው። ጠቅላላው 1.9 በመቶ ስለሚሆን 54.0 ± 1.0 እንጽፋለን። ልብ በሉ፣ ስህተቱን ስናርም ± ሰፋ። ይህ ጉዳት አይደለም። ቀድሞ ያልተቆጠረ ነገር አሁን ተቆጠረ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ በማማሰል ጊዜ ወደ አየር የሚሄደው ሙቀት ነው። ከፍተኛውን ንባብ መውሰድ አይበቃም፤ ቴርሞሜትሩ እዚያ እስኪደርስ ሙቀት እየወጣ ነው። በየ30 ሴኮንዱ እየመዘገብን ግራፍ እንሥራ። ከዚያ የሚወርደውን መስመር ወደ ተቀላቀሉበት ቅጽበት ወደ ኋላ እንዘርጋው። የእኛ ግራፎች 0.1 ዲግሪ ያህል ጨመሩ። 6.30 ስናስገባ 54.9 ± 1.0 ወጣ። 55.8 አሁን ወሰኑ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ያጓጓል፤ ግን አንድ ያልነካነው ነገር አለ። የተቀላቀለው ነገር ንጹህ ውሃ አይደለም፣ 0.5 ሞላር የጨው ውሃ ነው። 100 ሚሊ ሊትሩ የሚመዝነው 102 ግራም አካባቢ ነው። ስፔሲፊክ ሂቱ ደግሞ ከ4.18 ያንሳል፣ 4.0 አካባቢ ነው። አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ስለሚገፋ በከፊል ይጠፋፋሉ፤ ሲባዙ 418 የነበረው 410 ገደማ ይሆናል። ይህን ስናስገባ ውጤቱ 53.9 ± 1.0 ነው። ልዩነቱ እንደገና 1.9 ሆነ፣ የጥርጣሬያችን ሁለት እጥፍ ገደማ። 54.9 ላይ ያየነው መገጣጠም በከፊል የመጣው እርስ በርስ ከሚሸፋፈኑ ስህተቶች ነበር።

ስለዚህ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ጠርሙሱ ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል። ከቆየ በላዩ የተጻፈው 1.00 ላይታመን ይችላል። ምንም ያህል ሙከራ ብንደጋግም ይህን አያሳየንም፤ የሚያሳየው ቲትሬሽን ነው። ቤዙ ለምሳሌ 0.97 ሞላር ከሆነ፣ ሞሉ 0.0485 ስለሚሆን ውጤታችን 55.5 ላይ ይወጣል። ግን 0.97ን ከ55.8 ተነስቶ ወደ ኋላ አስልቶ ሪፖርት ላይ መጻፍ አይቻልም። በሚቀጥለው የላብ ቀን ቤዙን ኬ ኤች ፒ በሚባለው ንጹህ ጠጣር አሲድ እናረጋግጣለን፣ ከዚያ አሲዱን በቤዙ። ቁጥሩን ደብተር ላይ የምንጽፈው ኤንታልፒውን እንደገና ከማስላታችን በፊት ነው።