ሳህኑ ላይ ስንት ሥጋ አለ? የባክቴሪያ ቆጠራ ስሌትን ለፈተና የተዘጋጀሁበት መንገድ

በምግብ ማይክሮባዮሎጂ የላብራቶሪ ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ አይቀርም። የናሙናው ክብደት ይሰጣል፣ ናሙናው ደረጃ በደረጃ የቀጠነባቸው ዳይሉሽኖች ይደረደራሉ፣ በየፔትሪ ዲሹ ማለትም በየሳህኑ ላይ የበቀሉት ኮሎኒዎች፣ ባክቴሪያ ተባዝቶ በዓይን የሚታይ ነጥብ የሠራባቸው፣ ቁጥራቸው ይጻፋል። ከዚያ በአንድ ግራም ምግብ ውስጥ ስንት ባክቴሪያ እንዳለ አስላ ይባላል። አብዛኛው የክፍላችን ተማሪ ቀመሩን ሸምድዶ ነበር የሚገባው። እኔ ደግሞ ሽምደዳ አይሆንልኝም።

መላውን ያገኘሁት ከላብራቶሪ ቴክኒሻናችን ነው። ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። በቀመሩ ስጨነቅ አዩኝና አንዱን ሳህን አንስተው፣ «ልጄ፣ ቀመሩን ለጊዜው ተወው። እዚህ ላይ ስንት ሥጋ አለ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም የቆጠራ ጥያቄ የምጀምረው በዚሁ ጥያቄ ነው።

የዚያን ጊዜ ናሙናችን የተፈጨ የበሬ ሥጋ ነበር። 25 ግራም ሥጋ 225 ሚሊ ሊትር ፔፕቶን ውሃ ውስጥ ገብቶ በደንብ ይመታል። ሥጋውና ውሃው አንድ ላይ 250 ይሆናሉ። እንግዲህ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.1 ግራም ሥጋ አለ ማለት ነው። 10⁻¹ የሚባለው ይህ ነው። ከእሱ 1 ሚሊ ሊትር ወስደን 9 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ፔፕቶን ውሃ ያለበት ቲዩብ ውስጥ ስንጨምር፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.01 ግራም ይቀራል። ይኸው 10⁻² ሆነ። እንዲህ እያልን እስከ 10⁻⁵ ወረድን።

ቀጥሎ ያለው እርምጃ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ባክቴሪያው በሚበቅልበት ምግብ፣ በአጋሩ ላይ ያፈሰስነው አንድ ሚሊ ሊትር አልነበረም። 0.1 ሚሊ ሊትር ጠብ አድርገን በመስታወት ዘንግ አሰራጨነው። ስለዚህ ከ10⁻⁴ ቲዩብ በተወሰደው ሳህን ላይ ያለው ሥጋ 0.0001 ግራም ሳይሆን 0.00001 ግራም ነው። ከ10⁻⁵ በተወሰደው ላይ ደግሞ 0.000001 ግራም። ጥያቄው ውስጥ «0.1 ሚሊ ሊትር» የሚለውን ሳያይ ያለፈ ሰው መልሱ በአሥር እጥፍ ያንሳል። ፈታኞችም ይህንን በደንብ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንሂድ። የ10⁻³ ሳህኖች ለመቆጠር አስቸጋሪ ነበሩ፤ ኮሎኒው ተደራርቧል። የ10⁻⁴ ሁለት ሳህኖች 212 እና 230 ኮሎኒ አወጡ። የ10⁻⁵ ሁለቱ ደግሞ 27 እና 31። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የላብራቶሪ መመሪያ በአንድ ሳህን ላይ ከ25 እስከ 250 ያለውን ቁጠሩ ይላል። 30 እስከ 300 የሚሉ መጻሕፍትም አሉ። የኛ ፈተና የመጀመሪያውን ነበር የሚከተለው፤ ስለዚህ አራቱም ሳህኖች ይገባሉ።

እዚህ ላይ ፈታኝ የሚሆነው ሁለት ዳይሉሽን በአንድ ጊዜ መግባቱ ነው። በደመ ነፍስ የሚመጣው የየራሳቸውን አማካይ አውጥቶ ሁለቱን እንደገና ማማከል ነው። የ10⁻⁴ አማካይ 221 ነው፤ በግራም 22,100,000 ይሆናል። የ10⁻⁵ አማካይ 29 ነው፤ በግራም 29,000,000። ሁለቱን ብናማክል 25,550,000 ይወጣል። ግን ይህ አካሄድ ብዙ ሥጋ የቀመሰውን ሳህንና ጥቂት ሥጋ የቀመሰውን እኩል ያያል። የ10⁻⁴ ሳህን በአሥር እጥፍ የበለጠ ሥጋ ስላየ ምስክርነቱም የበለጠ ሊመዝን ይገባል።

በቴክኒሻኑ ጥያቄ ስንሄድ ነገሩ ቀላል ነው። በአራቱም ሳህኖች ላይ በድምሩ ስንት ኮሎኒ በቀለ? 500። በአራቱም ላይ በድምሩ ስንት ሥጋ አለ? ሁለት ጊዜ 0.00001 እና ሁለት ጊዜ 0.000001፣ ማለትም 0.000022 ግራም። ማካፈል ብቻ ይቀራል፦

500 ÷ 0.000022 = 22,727,273

ወደ ሁለት አኃዝ ሲጠጋጋ 2.3 × 10⁷ CFU/g፣ ማለትም በአንድ ግራም 23 ሚሊዮን ያህል ኮሎኒ የሚሠራ ባክቴሪያ ይሆናል። በኋላ መጽሐፉን ከፍቼ ቀመሩን ሳየው ያው ራሱ ነው፦

N = ΣC ÷ [V × (n₁ + 0.1 × n₂) × d]

N በግራም ያለው ቁጥር፣ ΣC የኮሎኒዎቹ ድምር፣ V ሳህኑ ላይ የተሰራጨው ሚሊ ሊትር፣ n₁ እና n₂ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዳይሉሽን የተቆጠሩት ሳህኖች ብዛት፣ d ደግሞ የመጀመሪያው ዳይሉሽን ነው። ከታች ያለው ሁሉ ሲባዛ 0.1 × 2.2 × 10⁻⁴ ነው። ያ ደግሞ 0.000022 ግራም ሥጋ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ቀመሩ ከጠፋብኝ እንኳ ሥጋውን ደምሬ እገባበታለሁ።

ይህ መንገድ የተለመደው ዳይሉሽን ሲቀየርም አይወድቅም። ለምሳሌ ጥያቄው «10 ግራም ናሙና በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ገባ» ሊል ይችላል። ዓይን ቶሎ ብሎ 10⁻¹ ነው ይላል። ግን ድምሩ 110 ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ያለው ከ0.1 ግራም ትንሽ ያንሳል፣ 0.091 ገደማ። «ድምሩ 100 እስኪሆን ድረስ» ቢል ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። 1 ሚሊ ሊትር በ99 ውስጥ ሲባል ደግሞ በአንዴ ሁለት ደረጃ ተወረደ ማለት ነው።

ለምን 25 እና 250 እንደተባለ ማወቅም ጠቅሞኛል፤ በቃል የሚጠይቁ ፈታኞች ይወዱታል። ከ250 በላይ ሲሆን ኮሎኒዎች ይጋጠማሉ፣ ለምግብ ይሻማሉ፣ ሁለቱ አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። ቁጥሩ ሲያንስ ደግሞ ዕድል ይጫወታል። የዕድሉ መዋዠቅ የቁጥሩ ካሬ ሥር ያህል ነው። 100 ኮሎኒ ላይ 10 ገደማ፣ ማለትም 10 በመቶ። 4 ኮሎኒ ላይ 2፣ ማለትም 50 በመቶ። በአራት ኮሎኒ ላይ ተማምኖ ስለ አንድ ኪሎ ሥጋ መናገር ያስቸግራል።

ከማስላቴ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር አያለሁ፤ ቁጥሩ በየደረጃው ወደ አሥረኛው ይወርዳል ወይ? ከላይ ያለው ምሳሌ 221 ወደ 29 ወርዷል፤ ደህና ነው። 10⁻⁴ ላይ 190፣ 10⁻⁵ ላይ 140 ቢሆን ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው የፒፔቱን ጫፍ ነው። ጫፉ በየደረጃው ካልተቀየረ ከበፊቱ ቲዩብ ባክቴሪያ ይዞ ይወርዳል። 190 ወደ 2 ቢወርድ ደግሞ ቲዩቡ በደንብ አልተናጠ ይሆናል። ሌላም ስውር ችግር አለ። 9 ሚሊ ሊትሩ ከተለካ በኋላ በሞቀ እንፋሎት ጀርም የሚገድለው አውቶክሌቭ ውስጥ ሲገባ የተወሰነው ውሃ ይተናል፤ ያኔ እያንዳንዱ ደረጃ ከአሥር ያነሰ ይሆንና ስህተቱ እየተባዛ ይሄዳል። ስለዚህ ከአውቶክሌቭ በኋላ መለካት ይሻላል።

ምንም ኮሎኒ ያልበቀለበት ጥያቄም አንዳንዴ ይመጣል። እዚያ ላይ 0 ብሎ መጻፍ ነጥብ ያስቀንሳል። 10⁻¹ ላይ 0.1 ሚሊ ሊትር ከተሰራጨ ሳህኑ ያየው 0.01 ግራም ሥጋ ብቻ ነው። በዚያ ላይ አንድ ኮሎኒ ቢበቅል በግራም 100 ይሆን ነበር፤ እሷም ስላልበቀለች መልሱ «በግራም ከ100 በታች» ተብሎ ይጻፋል።