ሁለቱ ሳክሶኒዎች በ45 ደቂቃ

ትናንት ማታ ለታሪክ ተማሪዎቼ ስሰጣቸው የኖርኩትን የልምምድ ጥያቄ ራሴ ልሠራው ተቀመጥሁ። ጥያቄው «የ16ኛው ክፍለ ዘመን የሃይማኖት ተሐድሶ መንሥኤው ከሃይማኖታዊነቱ ይልቅ ፖለቲካዊነቱ ያመዝናል በሚለው አባባል ምን ያህል ትስማማለህ?» የሚል ሲሆን፣ የተፈቀደው ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። ለዚህ ጥያቄ እንዴት መልስ እንደሚጻፍ ለዓመታት ሳስተምር ብቆይም፣ ሰዓት ይዤ፣ መጽሐፍ ዘግቼና እስክሪብቶ አንሥቼ አንድም ቀን ሞክሬው አላውቅም ነበር። ናሙና የሚሆን መልስ አዘጋጅቼ ልሰጣቸው ቃል ስለ ገባሁ፣ እነርሱ በሚጽፉበት ሁኔታ ያልተጻፈ ናሙና መስጠት አግባብ መስሎ አልታየኝም።

የመጀመሪያውን ሙከራዬን ዛሬ ጠዋት ሳነበው አዘንሁ። በሁለት አንቀጽ ሃይማኖታዊ መንሥኤዎችን ደረደርሁ፤ በሁለት አንቀጽ ደግሞ ፖለቲካዊዎቹን ደረደርሁ፤ በመጨረሻም ሁለቱም አስተዋጽኦ ነበራቸው ብዬ ዘጋሁት። በተማሪዎቼ ወረቀት ላይ በቀይ የማሰምርበት ስሕተት ይኸው ነው። ሁለት ክምር ጎን ለጎን ማስቀመጥ መመዘን አይደለም። ለመመዘን ሃይማኖቱ ወደ አንድ ወገን፣ የፖለቲካ ጥቅሙ ደግሞ ወደ ሌላ ወገን የሚጎትቱበትን ቦታ ፈልጎ የትኛው እንዳሸነፈ ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ በሚጎትቱበት ቦታ የየትኛው ጉልበት እንደ ሠራ ማንም ሊለየው አይችልም።

ስለዚህ ለሁለተኛው ሙከራ ከመነሣቴ በፊት ሰዓቱን አስጀምሬ የመጀመሪያዎቹን 7 ደቂቃዎች ለዕቅድ ብቻ ሰጠሁ። በዕቅዴ ላይ በቅድሚያ የጻፍሁት «መንሥኤ» የሚለው ቃል ሁለት ጥያቄ እንደ ደበቀ ነው፤ አንዱ እንቅስቃሴው ለምን ተነሣ የሚል ሲሆን፣ ሌላው ከተነሣ በኋላ ለምን አልጠፋም የሚል ነው። የቦሄሚያው ሰባኪ ያን ሁስ በመናፍቅነት ተፈርዶበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1415 በኮንስታንስ ተቃጥሏል፤ በ1517 ተሐድሶውን የጀመረው ጀርመናዊው መነኩሴ ሉተር ግን በ1546 በተወለደባት ከተማ በሕመም አረፈ። ይህን ልዩነት የሚያስረዳው ትምህርታቸው ብቻ ሊሆን አይችልም። ቀጥዬ መልሴን በጀርመን ምድር ወሰንሁት። እንግሊዝን መውሰድ ያጓጓል፤ ሄንሪ 8ኛ ከሮም የተለየው ስለ ጋብቻውና ስለ አልጋ ወራሹ እንደ ነበረ ሁሉም ያውቃልና። ይሁን እንጂ እንግሊዝ ሉተር ከጀመረ ከ17 ዓመት በኋላ የመጣ ጉዳይ በመሆኑ፣ እንቅስቃሴው ለምን ተነሣ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

የሚዛኑን ቦታ ያገኘሁት በሳክሶኒ ነው። የሳክሶኒ ግዛት በ1485 በሁለት ወንድማማቾች፣ በኤርንስትና በአልብሬክት መካከል ተከፈለ። የጀርመኑን ንጉሠ ነገሥት የመምረጥ ሥልጣን ያለው ማዕረግ ለኤርንስት ቤት ሲደርስ፣ ላይፕሲግና ዩኒቨርሲቲዋ ለአልብሬክት ቤት ደረሱ። ሉተር በተነሣበት ጊዜ በአንደኛው ግዛት የኤርንስት ልጅ ጥበበኛው ፍሬድሪክ፣ በሌላኛው የአልብሬክት ልጅ መስፍኑ ጌኦርግ ይገዙ ነበር። ሁለቱ የአጎት ልጆች ሲሆኑ ሕዝባቸውም ቋንቋቸውም አንድ ነው፤ የሚታዘዙት ለአንድ ንጉሠ ነገሥት ነው፤ ገንዘብ ወደ ሮም መፍሰሱም ሁለቱን ያስቆጣቸው ነበር። የፖለቲካ ጥቅም ብቻውን ተሐድሶውን የሚወልድ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አንድ መንገድ በተከተሉ ነበር። አልተከተሉም።

በፍሬድሪክ ላይ ብዙ ደቂቃ አጠፋሁ፤ ጠቃሚ ስለ ነበረም አልቈጭም። ተማሪዎች ዘወትር የሚጽፉት ፍሬድሪክ ከኃጢአት ቅጣት ያድናል እየተባለ በቤተ ክርስቲያን ስም ይሸጥ የነበረው የስርየት ደብዳቤ ሽያጭ በግዛቱ እንዳይካሄድ የከለከለው የአገሩ ገንዘብ እንዳይወጣበት ብሎ ነው የሚል ነው። እርግጥ ነው፤ ሽያጩ የማይንትስ ሊቀ ጳጳስ አልብሬክት ለሹመቱ ሲል ከፉገር የንግድ ቤት የተበደረውን ዕዳ ለመክፈልና በሮም የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት የታሰበ ነበር፤ ፍሬድሪክም የሌላ ቤተሰብ ተቀናቃኝ በእርሱ ሕዝብ ገንዘብ እንዲከብር አልፈለገም። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ ሲቆም ግማሹ ይቀራል። ፍሬድሪክ ራሱ ሉተር በሚያስተምርባት በዊተንበርግ ከ19,000 በላይ የቅዱሳን አጽምና ቅርስ ሰብስቦ ነበር፤ እነዚያን ለመሳለም የሚመጣ ምእመን የስርየት ተስፋ ይሰጠው ስለ ነበር ስብስቡ ገቢ ያስገኝ ነበር። ሉተር በ1517 ስርየት በገንዘብ መገኘቱን ሲነቅፍ የነቀፈው የሊቀ ጳጳሱን የአልብሬክትን ሻጮች ብቻ ሳይሆን የገዛ ጌታውን የገቢ ምንጭ ጭምር ነው። እዚህ ላይ በድርሰቴ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «የፍሬድሪክ ጥቅም ሉተርን እንዲጠብቅ ሳይሆን ዝም እንዲያሰኘው ይመክረው ነበር። ስለዚህ ጥቅሙ የተሐድሶው ምንጭ ሊሆን አይችልም፤ ምንጩ አንድ የነገረ መለኮት መምህር ሰው በሥራው ሳይሆን በእምነት ብቻ ይጸድቃል ወደሚል ድምዳሜ መድረሱ ነው።»

ጌኦርግ ግን ሚዛኑን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። በ1521 በዎርምስ ጉባኤ የጀርመን መኳንንት በሮም ላይ ቅሬታቸውን ሲያቀርቡ፣ ጌኦርግ የስርየት ሽያጭንና የካህናትን ብልሹነት የሚነቅፍ የራሱን ቅሬታ ጨምሮ አቅርቧል። በፖለቲካው ዓይን ሲታይ ለሉተር ወገን ከሆኑት ሁሉ የተሻለ ዕጩ እርሱ ነበር ለማለት ይቻላል። ሆኖም በ1519 በላይፕሲግ ቤተ መንግሥቱ በተደረገው ክርክር ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ሉተር ከያን ሁስ አንቀጾች መካከል ክርስቲያናዊ የሆኑ አሉ ብሎ ሲናገር በጆሮው ሰማ። የጌኦርግ እናት የቦሄሚያው ንጉሥ የጌኦርግ ዘፖዲየብራድ ልጅ ናት፤ ያ አያቱ ደግሞ የሁስ ተከታዮች ንጉሥ ሆኖ በፖፑ የተወገዘ ነው። መናፍቅነት ለጌኦርግ የመጽሐፍ ቃል ሳይሆን የቤተሰቡ ቁስል ነበር። ከዚያ በኋላ በ1522 ሉተር የተረጎመውን አዲስ ኪዳን በግዛቱ አገደ፤ እስከ ሞተበት እስከ 1539 ድረስም አልተመለሰም።

በድርሰቴ ውስጥ እጅግ የወደድሁት ማስረጃ የመጣልኝ እዚህ ላይ ነው። የጌኦርግ ወንዶች ልጆች ቀድመውት ስለ ሞቱ ወራሹ ወደ ሉተር ወገን የሄደው ወንድሙ ሃይንሪክ ሆነ። ጌኦርግ ወንድሙ በአሮጌው እምነት ካልጸና በቀር ግዛቱ ለንጉሠ ነገሥቱ ወንድም ለፈርዲናንድ እንዲተላለፍ ለማድረግ ሞከረ። አንድ መስፍን የአባቱን ርስት ከገዛ ወንድሙ ነጥቆ ለባዕድ ሥርወ መንግሥት ለማስረከብ ሲያስብ፣ ያ ሐሳብ በፖለቲካ ጥቅም ቋንቋ ሊተረጎም አይችልም። ሙከራው አልተሳካም፤ ሃይንሪክም ወዲያውኑ ተሐድሶውን አስገባ። ሙከራው ባይሳካም ለሚዛኑ የሚያገለግለን መሞከሩ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄ፣ ማለትም ለምን አልጠፋም የሚለውን ስጀምር ግን ሚዛኑ በግልጽ ወደ ፖለቲካው አዘነበለ፤ ይህንንም ሳልሸሽግ ጻፍሁ። በ1518 ፍሬድሪክ ሉተር ወደ ሮም ተወስዶ እንዳይመረመር አድርጎ ምርመራው በጀርመን ምድር በአውግስቡርግ እንዲሆን አስወሰነ። በ1519 መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን ሲሞት፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ቻርልስ 5ኛ የሆነው ቻርልስ እንዳይመረጥ የፈለጉት ፖፕ ሊዮ 10ኛ የመራጩን የፍሬድሪክን ድጋፍ ስለ ፈለጉ የሉተር ጉዳይ ለወራት ተጓተተ፤ በእነዚያ ወራት ሉተር ጽፏል፣ ማተሚያ ቤቶችም ሥራ አልፈቱም። በ1526 የሽፓየር ጉባኤ እያንዳንዱ ገዥ ለእግዚአብሔርና ለንጉሠ ነገሥቱ ሊመልስ በሚችልበት መንገድ እንዲሠራ ሲተወው፣ ቱርኮች ወደ ሃንጋሪ እየገሠገሡ ነበር፤ በዚያው ክረምት የሃንጋሪው ንጉሥ በሞሃች ጦርነት ወደቀ። ቻርልስ 5ኛም ከፈረንሳይና ከቱርክ ጋር ባለበት ትግል ምክንያት በተሐድሶው መኳንንት ላይ በሙሉ ኃይሉ የዘመተው በ1546 ነው። አንድ ትውልድ ያህል ዘገየ።

ከዚያ የሃይንሪክ ልጅ ሞሪትስ መጣ፤ በእርሱ ላይ 5 ደቂቃ ብቻ ነበረኝ። ሞሪትስ የሉተር እምነት ተከታይ ሆኖ ሳለ ከካቶሊኩ ንጉሠ ነገሥት ጎን ተሰልፎ በ1547 በሚልበርግ ጦርነት የአጎቱ ዘር የሆነውን መራጩን ዮሐን ፍሬድሪክን አስማረከ፤ በዋጋውም የመራጭነቱን ማዕረግ ወሰደ። በ1552 ደግሞ ከፈረንሳይ ንጉሥ ጋር ተዋውሎ በዚያው ንጉሠ ነገሥት ላይ ተነሣ። የእርሱ ሁለት ክዳት ባይኖሩ ለሉተር ወገን ሕጋዊ እውቅና የሰጠው የ1555ቱ የአውግስቡርግ ሰላም እንደዚያ ባልተጻፈ ነበር። ጌኦርግ ለእምነቱ ሲል ርስቱን ሊሰጥ ሲዘጋጅ፣ ሞሪትስ ለርስቱ ሲል የእምነት ወንድሞቹን ወጋ፤ ሁለቱ የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው። እዚህ ላይ ተማሪዎች «ግዛቱ የማን ነው፣ ሃይማኖቱም የእርሱ ነው» የሚለውን ሐረግ ከውሉ የተቀዳ አድርገው ይጠቅሱታል። ሐረጉ በውሉ ውስጥ የለም፤ በኋላ የመጡ የሕግ ሊቃውንት ያወጡት ነው።

አንድ ነገር ከረቂቁ ላይ ሰረዝሁ፤ መሰረዙም ከብዶኝ ነበር። በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደ ዊተንበርግ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ ሥርዓተ ቅዳሴና ስለ እምነት ተነጋግሯል። እኔ ይህን ታሪክ ከልቤ እወደዋለሁ፤ ተማሪዎቼም ቢያውቁት ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ ፖለቲካና ሃይማኖትን አያመዝንም፤ ስለዚህ በ45 ደቂቃ መልስ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሰዓቱ ሊያበቃ 3 ደቂቃ ቀርቶኝ ነበርና በመልሴ ላይ የሚነሣውን ጠንካራ ተቃውሞ ጨመርሁ። ፍሬድሪክ መራጭ ነበር፤ ጌኦርግ አልነበረም። እንግዲህ ሁለቱ የተለያዩት በእምነት ሳይሆን ሮምን ለመዳፈር በነበራቸው አቅም ነው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። መልሴ አቅም ፍሬድሪክ ለምን እንደ ቻለ ይገልጻል እንጂ ጌኦርግ ለምን እንዳልፈለገ አይገልጽም የሚል ነው። ፍሬድሪክ በ1502 ያቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ዝናው በሉተር መግነኑም መዘንጋት የለበትም፤ ይህ ኩራት ደግሞ ሃይማኖትም ፖለቲካም ብሎ ለመመደብ ያስቸግራል። ስለ ከተሞችና በ1525 ስለ ተነሡት ገበሬዎች አንድ መስመር እንኳ አልጻፍሁም። ሁለት መኳንንት ስለ ሕዝብ ሊመሰክሩ ስለማይችሉ፣ መደምደሚያዬ ስለ ገዥዎች ውሳኔ ብቻ እንደሚናገር በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ አስገብቼ እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ።