ስሙን ይዞ የሚመጣ ገንዘብ

በርበሬና ሽሮ የምሸጠው በቴሌግራም ነው፤ ድረ ገጽ የለኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ለደንበኛ የባንክ ሒሳብ ቁጥሬን እልክ ነበር። ደንበኛው ገንዘቡን አስገብቶ የደረሰኙን ፎቶ ይልክልኛል፣ እኔም ዕቃውን ለሞተረኛ አስረክባለሁ። አንድ ቅዳሜ 3,200 ብር የሚል ፎቶ ደረሰኝ። ሰኞ ሒሳቤን ሳይ የገባው 200 ብር ብቻ ነው። ፎቶውን አጉልቼ ስመለከተው መጀመሪያ ላይ ያለችው 3 ከጎኗ ካሉት ቁጥሮች ቀጠን ትላለች። በርበሬው ግን ሄዷል።

ከዚያ በኋላ ነው የክፍያ ሊንክ ወደሚሰጥ ድርጅት የሄድሁት። ንግድ ፈቃዴን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬንና የባንክ ሒሳቤን አስገብቼ ተመዘገብሁ። ሊንኩን መሥራት ቀላል ነው፤ የዕቃውን ስምና ዋጋውን ስጽፍ የሚሰጠኝን አድራሻ ቀድቼ ለደንበኛዋ እልካለሁ። እሷ ስትከፍተው የሱቄን ስምና የብሩን መጠን ታያለች፣ ስልክ ቁጥሯን አስገብታ ለምሳሌ ቴሌብርን ትመርጣለች፣ ከዚያ በራሷ ስልክ ላይ ለሚመጣው ጥያቄ የሚስጥር ቁጥሯን ትሰጣለች። ድርጅቱ በሰጠኝ ገጽ ላይ «በመጠባበቅ ላይ» ይል የነበረው «ተከፍሏል» ሲል ሞተረኛውን እጠራለሁ። ፎቶ አልጠይቅም፤ ቢላክልኝም አላየውም።

ትልቁ ስሕተቴ ስንፍና ነበር። ለአንድ ኪሎ በርበሬ አንድ ሊንክ ሠርቼ ለሁሉም በተንሁት። በአንድ ከሰዓት ሦስት እኩል ክፍያ ገባ፣ ያዘዙኝ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ኔትወርክ ሲቆራረጥባት ያልከፈለች መስሏት ሁለቴ ከፍላ ኖሯል፤ ማን እንደሆነች እስካውቅ ማታ ድረስ ስልክ ስደውል ዋልሁ። በዚያ ላይ ዋጋ ከጨመርሁ በኋላም አሮጌው ሊንክ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ በድሮው ዋጋ ይከፈልበት ነበር። አሁን ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ የራሱን ሊንክ እሠራለሁ፦ «ትዕዛዝ 47፣ 2 ኪሎ በርበሬ ከነማድረሻው»። ሲከፈል እዘጋዋለሁ።

ሊንክ የሚፈሩ ደንበኞች አሉኝ፤ ልክ ናቸው። አንዲት እናት «ልጄ፣ በስልክ የሚመጣ ነገር አትንኪ ተብያለሁ» አሉኝ። ደውዬ ሊንኩ የሚላከው ካዘዙ በኋላ ብቻ እንደሆነ፣ የሚስጥር ቁጥራቸውን ለእኔም ሆነ ለማንም መንገር እንደሌለባቸው ነገርኋቸው። አሁንም በባንክ ነው የሚከፍሉት። ገንዘቡን በራሴ ሒሳብ ሳላይ ግን ዕቃ አይወጣም፤ እሳቸውም አይከፋቸውም።

ያልለመድሁት መዘግየቱን ነው። ድርጅቱ ኮሚሽኑን ቀንሶ ቀሪውን ወደ ባንኬ የሚያስገባው ወዲያው አይደለም። የዛላ በርበሬ ነጋዴዬ ደግሞ ጠዋት በእጁ ካልቆጠረ ጆንያውን አይፈታም፤ ስለዚህ የአንድ ጆንያ ዋጋ ሁልጊዜ ለብቻው አስቀምጣለሁ።